«ሁሉም የወደደው መጽሐፍ» እኔን ይስማማኛል?

(ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ በአንድ የአንባቢያን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? ከሳቢያንም፣ ከመጋላም፣ ከለገሀሬም፣ ከሐረርም ድረስ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ በዚህ ሙቀት ከቤት ወጥታችሁ ስለ መጽሐፍ ለመስማት መቀመጣችሁ ትልቅ ነገር ነው፤ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? የማራገቢያው ድምፅ ካስቸገራችሁ እጃችሁን አውጡልኝ፣ ቀረብ ብዬ እናገራለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። አንድ ሰው «ይህ መጽሐፍ ድንቅ ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ ወይም አንድ ዝርዝር «በብዛት የተሸጠ» ሲል፣ ያ ነገር ለእኔ ይሠራል ወይስ አይሠራም? በምን አውቃለሁ?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለድሬዎችና ለሐረሮች የበለጠ ይከብዳል። ለምን? አብዛኛው አዲስ መጽሐፍ የሚታተመው አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ መደብር ገብቶ መጽሐፉን ከመደርደሪያ ያወርዳል፣ መሐሉን ገልጦ ሁለት ገጽ ያነባል፣ ካልጣመው መልሶ ያስቀምጣል። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ በስልክ እናዛለን፣ በአውቶቡስ ይላክልናል፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሲደርስ ነው ገልጠን የምናየው። በዚያን ጊዜ ገንዘቡ ወጥቷል። ስለዚህ የምንገዛው ገጹን አይተን ሳይሆን የሌላ ሰው ምስክርነት ሰምተን ነው። ምስክሩን መመዘን ካልቻልን በየጊዜው ሠላሳኛው ገጽ ላይ የሚቀር መጽሐፍ ቤታችን ይሞላል።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው ስለ ራሳችን ምርጫ፣ ሁለተኛው ስለ ሐያሲው፣ ሦስተኛው ስለ ዝርዝሩ። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» ሲባል ሰው ምን ይመልሳል? «ልቦለድ እወዳለሁ»፣ «ታሪክ እወዳለሁ»፣ «ሥነ ልቦና እወዳለሁ» ይላል። ይህ ምርጫን አይነግረንም። ይህ መጽሐፉ መደብር ውስጥ የት እንደተቀመጠ ብቻ ነው የሚነግረን። አንድ ልቦለድ ወድዶ ሌላውን ልቦለድ ሃያ ገጽ ላይ የሚጥል ሰው ስንት ነው! እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ሁላችንም እንደዚያ ነን።

ምርጫችን የሚገለጠው ባቆምናቸው መጻሕፍት ነው። ደግሜ ልበል፤ ባቆምናቸው። የጨረስነውን መጽሐፍ ለምን እንደወደድነው ስንጠየቅ ቃል ያጥረናል፤ «ደስ ይላል» እንላለን። ያቆምነውን ግን ለምን እንዳቆምን በደንብ እናውቀዋለን። «ሰዎቹ ብዙ ናቸው፣ ማን ማን እንደሆነ ጠፋኝ።» «ደራሲው በየገጹ ይመክረኛል።» «አንድ ነገር ይከሰታል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልተከሰተም።» «ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ደግሜ ደግሜ ነው የማነበው።» «ትርጉሙ አማርኛ አይመስልም።» እነዚህ ናቸው የምርጫችን እውነተኛ ወሰኖች።

ስለዚህ አንድ ደብተር ያዙ። ተራ ደብተር ይበቃል። ገጹን በአራት ዓምድ ክፈሉት። የመጀመሪያው ዓምድ ላይ የመጽሐፉ ርዕስ ይገባል። ሁለተኛው ላይ ጨረስኩት ወይስ የት ገጽ ላይ አቆምኩ የሚለውን ጻፉ። ሦስተኛው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን እንደያዛችሁ ወይም ምን እንዳባረራችሁ። አራተኛው ላይ፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ መጽሐፉን እንድታነቡ ያደረጋችሁ ማን ወይም ምን እንደሆነ። ጓደኛ ነው? ጋዜጣ ነው? ዝርዝር ነው? የሽፋኑ ጀርባ ነው? ዛሬ ማታ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያነበባችሁትን አሥራ ሁለት መጽሐፍ አስታውሳችሁ ሙሉት። ያቆማችሁትንም ጨምሩ። ያቆምነውን መጽሐፍ «አላነበብኩትም» ብለን ከቁጥር እናወጣዋለን፤ በዚያው ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል። ስንጥለው ገንዘባችንም ሰዓታችንም አብሮ ወጥቷልና ይቆጠር።

ይህን ስትሞሉ የማንንም ሒስ አታንብቡ። መጀመሪያ የራሳችሁን ፍርድ ጻፉ፣ ከዚያ የሌላውን እዩ። ለምን? አንድ የተከበረ ሐያሲ «ድንቅ ነው» ያለውን መጽሐፍ እኛ ሰልችቶን ከነበረ፣ ሒሱን ካነበብን በኋላ ስልቸታችንን እንጠራጠራለን፤ «ሳይገባኝ ቀርቶ ይሆናል» እንላለን። ያ ጥርጣሬ ለሌላ ጊዜ ጥሩ ነው። ለዚህ ሥራ ግን መለኪያውን ያዛባል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

ሐያሲ ስንል ብዙ ዓይነት ሰው አለ፤ መጀመሪያ ይህን እንለይ። መጽሐፍ ሲመረቅ የሚጋበዝ ሐያሲ አለ። ንግግሩ ከዚያ በኋላ ተጽፎ ይወጣል፤ እኛም «ሒስ» ብለን እናነበዋለን። ነገር ግን ያ ሰው የተጠራው ለደስታ ቀን ነው። ሰርግ ቤት የተጠራ ሰው «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ይላል እንዴ? አይልም፤ ባለማለቱም አይወቀስም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የሰርግ ቃልን እንደ ሚዛን ስንይዘው። የሽፋን ጀርባ ላይ የሚታተም አስተያየትም እንደዚሁ ነው። አሳታሚው ከተቀበለው አስተያየት ውስጥ የመረጠው ነው፤ «መሐሉ ይንዛዛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከተጻፈም እዚያ አይደርስም። እነዚህን ሁለቱን ለመረጃ አንብቧቸው፤ ለፍርድ ግን አትቁጠሯቸው።

ከዚያ ውጭ በተከታታይ የሚጽፍ ሰው አለ፤ በጋዜጣ፣ በመጽሔት፣ በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ ገጹ። የሚጠቅመን ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ልንፈትነው እንችላለን። ፈተናው እንዲህ ነው። ከአሥራ ሁለቱ መጻሕፍታችሁ ውስጥ እሱ የጻፈባቸውን ፈልጉ። ለእያንዳንዱ «አወደሰ» ወይም «ነቀፈ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ፤ መሐል ለመሐል ከሆነ በመጨረሻ «አንብቡት» ብሏል ወይስ አላለም የሚለውን ያዙ። ከዚያ ከእናንተ ፍርድ ጋር አስተያዩት።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው አንድ ስሕተት ይሠራል፤ ቀስ ብዬ ላሳያችሁ። ለምሳሌ እንዲሆነን አንዲት አንባቢ እናስብ። ከአሥራ ሁለቱ መጻሕፍቷ ስምንቱን ወዳለች፣ አራቱን አልወደደችም። ሦስት ሐያስያንን ትፈትናለች፤ ሦስቱም በአሥራ ሁለቱም ላይ ጽፈዋል እንበል።

የመጀመሪያው ሐያሲ አሥራ አንዱን አወደሰ፣ አንዱን ነቀፈ። የነቀፈው እሷም ያልወደደችው ነው። በስንቱ ተስማሙ? የወደደቻቸውን ስምንቱንም እሱ አወድሷል፤ አንዱን ሁለቱም ጥለዋል፤ ዘጠኝ ሆነ። ከአሥራ ሁለት ዘጠኝ! «ይኼ ሰው ልቤን ያውቀዋል» ትላለች። ቆይ! ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም «ድንቅ ነው» የሚል ሰው ስንት ያገኝ ነበር? ስምንት። እሷ ስምንቱን ስለወደደች ብቻ ስምንት። ይህ ሐያሲ መጻሕፍቱን አንብቦ፣ ጽፎ፣ ዓይኑን ከጨፈነው ሰው የበለጠው በአንድ ብቻ ነው። አራት መጽሐፍ ላይ ገንዘቧ ሲባክን ያስጠነቀቃት አንዱ ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሐያሲ ስድስቱን አወደሰ፣ ስድስቱን ነቀፈ። ያወደሳቸውን ስድስቱንም እሷ ወዳቸዋለች። ከነቀፋቸው ስድስቱ ደግሞ አራቱን አልወደደችም፣ ሁለቱን ግን ወዳለች። ስምምነታቸው አሥር ነው። ዘጠኝና አሥር፤ ልዩነቱ አንድ ነው የሚመስለው፤ አይደለም? አሁን ግን ጥያቄውን ቀይሩት። «ይህ ሰው ሲያወድስ ስንቱን እወዳለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ሲያወድስ ከአሥራ አንድ ስምንቱን። ሁለተኛው ሲያወድስ ከስድስት ስድስቱንም። «ካልወደድኳቸው ውስጥ ስንቱን አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ከአራት አንድ፤ ሁለተኛው ከአራት አራቱንም። ይህ ሁለተኛው ነው ምስክሯ። ሁለት ጥሩ መጽሐፍ ያስመልጣታል፤ እሱን በሌላ መንገድ ታገኘዋለች።

እንግዲህ ሐያሲን ስትፈትኑ መጀመሪያ የምትፈልጉት የነቀፋቸውን ነው። የነቀፋቸውን! ነቅፎ የማያውቅ ሰው ውዳሴው ምንም አይነግራችሁም። ሰውየው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ የሚወደውን ብቻ መርጦ የሚጽፍ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ግን «አዎ» ብቻ ከሚል ሰው «አዎ»ን መመዘን አይቻልም።

ሦስተኛው ሐያሲ አለ። ይህን እወደዋለሁ። አምስቱን አወደሰ፤ ከአምስቱ እሷ የወደደችው ሁለቱን ብቻ ነው። ሰባቱን ነቀፈ፤ ከሰባቱ እሷ ስድስቱን ወዳለች። ስምምነታቸው ከአሥራ ሁለት ሦስት ብቻ ነው። ምን ታድርገው? ትጣለው? አትጣለው! የነቀፈበትን ምክንያት ታንብብ። ስድስቱን ስታይ አምስቱ ላይ የጻፈው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ «ታሪኩ አይንቀሳቀስም»፣ «ደራሲው ሰፈሩን ሲያሳየን ገጹ አለቀ»፣ «ልብ የሚያንጠለጥል ነገር የለም»። እሷ ደግሞ ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ ሰፈርና ሰው የሚያሳይ መጽሐፍ ነው የምትወደው። እንግዲህ ይህ ሰው «አይንቀሳቀስም» ብሎ በነቀፈ ቁጥር ለእሷ «ግዢው» ማለቱ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር የማይስማማ ሐያሲ ከግማሽ ስምምነት ሐያሲ ይበልጣል። የማይጠቅመው አንዴ በፍጥነት፣ አንዴ በቋንቋ፣ አንዴ በደራሲው ፖለቲካ እየነቀፈ ምክንያቱ የማይያዝ ሰው ነው።

«አሥራ ሁለት መጽሐፍ ላይ የጻፈ ሐያሲ ከየት እናገኛለን?» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ በአማርኛ በብዛትና በተከታታይ የሚጽፍ ሰው ብዙ አይደለም። አራት ወይም አምስት የጋራ መጽሐፍ ብቻ ካገኛችሁ ቁጥር አታውጡ፤ አራት ለቁጥር ያንሳል። የነቀፈውን አንዱን ፈልጉና ምክንያቱን ብቻ እዩ፤ ደብተራችሁ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? በአሥራ ሁለትም ቢሆን ዘጠኝና አሥርን እንደ ትልቅ ልዩነት አትያዙ። አዲስ መጽሐፍ ባነበባችሁ ቁጥር አንድ መስመር ጨምሩ። ደግሞ ይህ ፈተና ለሐያሲ ብቻ አይደለም። መጽሐፍ የሚያውሳችሁን ጓደኛ፣ የምትገዙበትን መጽሐፍ ሻጭ በዚሁ መንገድ መፈተን ትችላላችሁ። አራተኛው ዓምድ የገባው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ዓምዱን ሞልቶ ሲያይ፣ ከማንም ጋዜጣ ይልቅ አንድ ዝም ያለ የሥራ ባልደረባው የጠቆመውን ሁሉ ጨርሶ እንዳነበበ ያገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰውየው መጽሐፉን በምን መንገድ እንዳገኘው ጠይቁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ታውቁታላችሁ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ነው። «በሕይወቴ እንደሱ የወደድኩት የለም» ከሚለው ሰው ውስጥ ብዙው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው የሰማው። ያ ድምፅ ሰዎቹን እየለየ፣ ሐዘኑን እያሳዘነ፣ ሳቁን እያሳቀ ያነብላቸዋል። መጽሐፉ ታላቅ መሆኑ አልጠፋኝም፤ እወደዋለሁም። ግን ያ ሰው ለእናንተ የሚመሰክርላችሁ ከወረቀት ጋር ብቻችሁን ስትሆኑ ስለሚሆነው አይደለም። በድምፅ የተሰማና በዓይን የተነበበ አንድ ርዕስ ቢኖራቸውም አንድ ልምድ አይደሉም።

የማታውቁት ሰው የጻፈው አንድ ሒስ ብቻ እጃችሁ ላይ ካለስ? ፈተና የለም፣ ታሪክ የለም። ያን ጊዜ እርሳስ አንሡ። ይህን የምሳሌ ሒስ ላንብብላችሁ፤ ለዛሬ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው፦

«ደራሲው በጥልቅ ምናቡ የሰውን ልጅ ውስጣዊ ዓለም ያስቃኘናል። የመጀመሪያዎቹ ሰማንያ ገጾች የአንድ ቤተሰብ የቀብር ዝግጅት ናቸው። ቋንቋው እጅግ ውብና ማራኪ ነው። ታሪኩን አራት ሰዎች በየተራ ይነግሩናል። ሁሉም ሊያነበው የሚገባ መጽሐፍ ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አይነገርም።»

አሁን በሌላ በማንኛውም መጽሐፍ ላይ ሊባል የሚችለውን ሁሉ ሰርዙ። «በጥልቅ ምናቡ» ይሰረዝ። «ውብና ማራኪ» ይሰረዝ። «ሁሉም ሊያነበው የሚገባ» ይሰረዝ። ምን ቀረ? ሦስት ነገር። ሰማንያ ገጽ የቀብር ዝግጅት። አራት ተራኪ። ገዳዩ አይታወቅም። አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። ነገሩ ቶሎ እንዲጀመር የሚፈልግ ሰው ሰማንያ ገጽ ለቅሶ ቤት ይቀመጣል? «ማን ገደለው?» ብሎ እስከ ሌሊት የሚያነብ ሰው መልስ ሳያገኝ ሲቀር ምን ይሰማዋል? ሌላው ደግሞ የለቅሶ ቤቱን ወሬ፣ የዘመዱን ኩርፊያ፣ የድንኳኑን ግርግር ነው የሚፈልገው፤ ለእሱ ይህ መጽሐፍ በዓል ነው። እነዚያ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን «ተው» ሌላውን «ግዛ» ይሉታል። ሐያሲው ወደደ ጠላ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ አያስፈልግም።

ሰርዛችሁ ምንም ካልቀረስ? ያ ጽሑፍ ስለ መጽሐፉ የሚነግራችሁ የለውም፤ እለፉት። «በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት» የሚለው ግን አይሰረዝ፤ እሱ መረጃ ነው። ፈጣን ነው ማለት ነው። ዓረፍተ ነገር ማጣጣም ለሚወድ ሰው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። «አስተማሪ ነው» የሚለውም መረጃ ነው፤ ደራሲው ሲመክር የሚሰለቸው ሰው እዚያ ላይ ይቁም። ሐያሲው ከመጽሐፉ የቀዳው አንቀጽ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱን አንብቡ። በሒሱ ውስጥ የደራሲው እጅ ያለበት ቦታ እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዝርዝሩ ነው።

«በብዛት የተሸጡ» የሚለው ዝርዝር ምን ይቆጥራል? ብዙ ሰው «ከሁሉ በላይ የተነበቡትን» ብሎ ያስባል። አይደለም። የሚቆጥረው ሽያጭን ነው፤ ያውም በአንድ አጭር ጊዜ ውስጥ የሆነ ሽያጭን። አንድ መጽሐፍ በምረቃው ሳምንት ሦስት መቶ ቅጂ ሸጦ ከዚያ ቢቆም፣ ዝርዝር ላይ አንደኛ ሊወጣ ይችላል። ሌላው በየሳምንቱ አርባ አርባ እየሸጠ ዓመት ቢዘልቅ ከሁለት ሺህ ያልፋል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን አንድም ቀን ላይታይ ይችላል። ከሁለቱ የትኛው ነው ሰው ለሰው ሲያቀብለው የኖረው?

በዓለም ላይ በጣም የታወቀውን የኒው ዮርክ ታይምስን ዝርዝር እንውሰድ። ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይወጣል። ጋዜጣው ሽያጭ የሚነግሩትን መደብሮች ይመርጣል፤ የትኞቹ እንደሆኑ አይገልጽም። በ1983 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ፒተር ብላቲ የተባለ ታዋቂ ደራሲ «መጽሐፌ በሽያጩ ዝርዝር ውስጥ መግባት ሲገባው ቀረ» ብሎ ከሰሰው። ጋዜጣው ምን ብሎ ተከራከረ? ዝርዝሩ የሒሳብ ስሌት ብቻ ሳይሆን የአዘጋጆች ሥራ ነው፣ እንደ ማንኛውም የጋዜጣ ጽሑፍ ነው አለ። ፍርድ ቤቱም ለጋዜጣው ፈረደ። ይህን ልብ በሉልኝ። «አንደኛ» የሚለው ቁጥር ከጀርባው የሰው ውሳኔ አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሃሪ ፖተር መጻሕፍት የላይኞቹን ቦታዎች ይዘው አልለቅ ሲሉ ጋዜጣው ለሕፃናት መጻሕፍት ሌላ ዝርዝር ከፈተ። በአንድ ሳምንት ውስጥ እነዚያ መጻሕፍት ከዋናው ዝርዝር ወጡ። ገዢዎቹ ቀነሱ? አልቀነሱም። የተቀየረው ዝርዝሩ ነው። ደግሞ አንድ ድርጅት ወይም አንድ ሰው በጅምላ ገዝቶ ቁጥሩን ከፍ ማድረጉ ሲጠረጠር፣ ከርዕሱ ጎን የጩቤ ቅርጽ ያለው ትንሽ ምልክት ይደረጋል። ዝርዝሩን ሲያጋሩ ያ ምልክት ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ርዕሱና ቁጥሩ ብቻ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ በአገር አቀፍ ደረጃ ሽያጭ እየቆጠረ የሚያወጣልን አካል አላውቅም። ያለው የየመደብሩ ዝርዝር ነው፤ «የወሩ ተፈላጊዎች» እየተባለ ይለጠፋል። ያ ዝርዝር የዚያ መደብር ደንበኞችን ነው የሚያሳያችሁ። መደብሩ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ከሆነ ሌላ ይወጣል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ ከሆነ ሌላ ይወጣል። ይህ ነውር አይደለም፤ የእናንተን ዓይነት ደንበኛ የያዘውን መደብር ካገኛችሁ ዝርዝሩ ወርቅ ነው።

ሌላው የምንደገፍበት ምልክት «አራተኛ እትም» የሚለው ነው። ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን ገጽ እዩ። እያንዳንዱ እትም የወጣበት ወር ተጽፎ ከሆነ ጊዜውን ታያላችሁ፤ በስድስት ወር አራት ጊዜ ነው ወይስ በአሥር ዓመት? ስንት ቅጂ እንደታተመ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። አምስት መቶ አምስት መቶ ቅጂ አራት ጊዜ ያሳተመ ሁለት ሺህ ነው፤ አንዴ ሦስት ሺህ ያሳተመው ይበልጠዋል፤ ሽፋኑ ላይ ግን «አራተኛ እትም» የሚለው ነው ዓይን የሚስበው። አሥር ዓመት ውስጥ እየተመላለሰ የታተመ መጽሐፍ ግን ሌላ ነገር ይነግራችኋል፤ ማስታወቂያው ካለቀ በኋላም ሰው ይፈልገዋል ማለት ነው። እኔ በእትም ቁጥር ሳይሆን በመጀመሪያውና በመጨረሻው እትም መካከል ባለው ዘመን ነው የምመዝነው።

ዋጋም ያሳስታል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው «ኦሮማይ» ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በየትኛውም የሽያጭ ዝርዝር ላይ ሊወጣ አይችልም ነበር፤ የሚፈልገው ሰው ግን ስፍር ቁጥር አልነበረውም። መጽሐፍ ሲጠፋ ይፈለጋል፣ ሲፈለግ ይወደዳል። ዛሬም «አይገኝም» ተብሎ በውድ የሚሸጥ መጽሐፍ ስታዩ፣ ዋጋው የሚነግራችሁ ቅጂው ጥቂት መሆኑን ነው።

ዝርዝርንም እንደ ሐያሲ ፈትኑት። የዛሬውን አይደለም፤ የዓምናውን አምጡ። ከዓምናው አሥር መጽሐፍ ውስጥ ስንቱን አነበባችሁ? ስንቱን ጨረሳችሁ? ስድስት አንብባችሁ ሁለት ከጨረሳችሁ፣ በዚያው ጊዜ በጓደኛ ምክር ካነበባችሁት አምስት ውስጥ አራቱን ከጨረሳችሁ፣ ደብተሩ ተናግሯል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም፣ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ለሻጩ ደውሉ ወይም በቴሌግራም ጻፉለትና «እባክህ ወንድሜ፣ ሁለት ገጽ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» በሉት። የትኛውን ገጽ? የመጀመሪያውን አይደለም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደራሲው ብዙ ደክሞበታል። መጽሐፉ ሁለት መቶ ሃምሳ ገጽ ከሆነ ዘጠና አካባቢ ያሉትን ሁለት ተከታታይ ገጾች ጠይቁ። እዚያ ላይ መግቢያው አልቋል፣ መደምደሚያው አልደረሰም፤ ደራሲው በተራ ቀን እንዴት እንደሚጽፍ ይታያል። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ጠይቁ፤ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ፣ ገዢ እንደሆናችሁ ያውቃሉና።

ጥያቄ ተነሥቷል፤ ከፊት ያሉት እህታችን «እንግዲያው ዝርዝሩን ጨርሰን እንተወው?» ብለዋል። አይ፣ እህቴ፣ አይተዉት። ምርጫውን ለማያውቁት ሰው ስጦታ ሲገዙ ይጠቀሙበት። ስለ ሰውየው ምንም ካላወቁ ብዙ ዓይነት ሰው የገዛው ከእርስዎ የግል ምርጫ የተሻለ ግምት ነው። ሻጩ ጋ ግን «ካነበበው ይቀየርልኛል?» ብለው አስቀድመው ይስማሙ፤ ብዙ የተሸጠ መጽሐፍ ተቀባዩ ቤት ቀድሞ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው።

አሁን በየወንበራችሁ ላይ ወረቀት አለ። አራት ዓምድ አስምሩበት። ሻዩ እስኪመጣ ያቆማችኋቸውን ሦስት መጻሕፍት ጻፉ፤ ገጹን፣ ያባረራችሁን ነገር፣ ማን እንደጠቆማችሁ። እስክሪብቶ የሌለው እጁን ያውጣ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ።